የቀጣዩን ሩብ ዓመት እይታ ከቻናልዎ ያለፈ መረጃ እንዴት ይተነብያሉ? ትንበያው የማይታመነውስ መቼ ነው?

ብዙ ሰው የዩቲዩብ ቻናሉን እይታ ሲተነብይ ያለፉትን ወራት ድምር በመስመር ይደረድርና መስመሩን ወደፊት ይቀጥለዋል። ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ነው፤ ያውም በትንሹ አይደለም። ስህተቱ ከሒሳቡ አይመጣም። የአንድ ሩብ ዓመት እይታ ከሁለት የተለያዩ ምንጮች ይመጣል፦ ቀድሞ ተለቀው ቀስ በቀስ ከሚቀዘቅዙ ቪዲዮዎች፣ እና በዚያው ሩብ ውስጥ ከሚለቀቁ አዳዲሶች። ሁለቱን ደምሮ አንድ መስመር ላይ ማስቀመጥ ጠባያቸውን ይደብቃል።

ይህ መመሪያ ሁለቱን ለይቶ ይተነብያል። የሚያስፈልግዎ ዩቲዩብ ስቱዲዮ፣ አንድ ስፕሬድሺት እና ሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ነው።

## ከመጀመርዎ በፊት

በወር ሳይሆን በ91 ቀን ይቁጠሩ። 91 ቀን ልክ 13 ሳምንት ነው። የወራት ርዝመት ስለሚለያይ አንዱ ሩብ 90፣ ሌላው 92 ቀን ይሆናል፤ የቅዳሜና እሑዶቹም ቁጥር አይመሳሰልም። በሳምንቱ መጨረሻ ብዙ የሚታይ ቻናል ከሆነ ይህ ብቻውን የውሸት እድገት ወይም የውሸት ቅናሽ ያሳያል።

አምስት ተከታታይ ያለፉ ሩቦች ያስፈልጉዎታል። የመጀመሪያው መነሻ ብቻ ነው፤ ስሌቱ የሚወጣው ከቀሪዎቹ አራት ነው። ቻናልዎ ከዚህ ያነሰ ዕድሜ ካለው ስሌቱን መሥራት ይችላሉ፣ ውጤቱን ግን እንደ ግምት እንጂ እንደ ትንበያ አይያዙት።

የመጨረሻው ሩብ ካለቀ በኋላ ቢያንስ ሦስት ቀን ይቆዩ። የስቱዲዮ መረጃ ዘግይቶ ይሞላል፤ የመጨረሻዎቹ ቀናት ሁልጊዜ ጎደሎ ሆነው ይታያሉ። ቀኑ የሚቆጠረው ደግሞ በአሜሪካ የፓስፊክ ሰዓት ስለሆነ፣ በእርስዎ ሰዓት ያለቀ ቀን እዚያ ገና ላያልቅ ይችላል።

ሾርትስና ረጅም ቪዲዮን ለየብቻ ይሥሩ። እይታ የሚያመጡበትም ሆነ የሚቀዘቅዙበት መንገድ አይገናኝም። ሁለቱንም የሚለቁ ከሆነ ከታች ያለውን ሁለት ጊዜ ሠርተው በመጨረሻ ይደምሩ። ከዚህ በታች ያለው ምሳሌ ረጅም ቪዲዮ ብቻ የሚለቅ ቻናል ነው፤ ቁጥሮቹም ስሌቱን ለማሳየት የተዘጋጁ ናቸው።

## ደረጃ 1፦ አምስቱን ፋይሎች ያውጡ

1. በስቱዲዮ ውስጥ `Analytics` ይክፈቱ፣ ከዚያ `Advanced mode` ይግቡ።
2. ከቀን ምርጫው `Custom` ይምረጡና የመጨረሻውን ሩብ 91 ቀን ያስገቡ።
3. ሠንጠረዡ በ`Content` የተደረደረ መሆኑን ያረጋግጡ።
4. የማውረጃ ምልክቱን ተጭነው ፋይሉን በሲኤስቪ ያውርዱ። የሚወርደው የታሸገ ፋይል ሲሆን ውስጡ `Table data.csv` አለ። የሚፈልጉት እሱን ነው።
5. ቀኑን በ91 ወደ ኋላ እየገፉ ይህንኑ አራት ጊዜ ይድገሙ። በአንዱ ሩብ መጨረሻና በሚቀጥለው መጀመሪያ መካከል የቀረ ወይም የተደገመ ቀን አይኑር።

ፋይሎቹን ከሩብ 1 (ጥንታዊው) እስከ ሩብ 5 (የቅርቡ) ብለው ይሰይሟቸው። የሚተነብዩት ሩብ 6ን ነው።

## ደረጃ 2፦ ፋይሎቹን ያጽዱ

ለእያንዳንዱ ሩብ አንድ ገጽ ይክፈቱና ሦስት ዓምድ ብቻ ያስቀሩ፦ በ`A` የቪዲዮውን መለያ፣ በ`B` የተለቀቀበትን ቀን (`Video publish time`)፣ በ`C` እይታውን (`Views`)። ሌላውን ሁሉ ያጥፉ። ከዚያ ሦስት ነገር ይፈትሹ።

የ`Total` ረድፍ። የሠንጠረዡ የመጀመሪያ ረድፍ የሁሉም ድምር ነው። ቁጥሩን ሌላ ቦታ ጽፈው ረድፉን ያጥፉት። ከቀረ እይታዎ በእጥፍ ይቆጠራል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

የቀኑ ዓይነት። ቀኑ ብዙ ጊዜ እንደ ጽሑፍ ሆኖ ይገባል። ለማወቅ በአንድ ባዶ ሳጥን ውስጥ `=ISNUMBER(B2)` ብለው ይጻፉ። `FALSE` ከመጣ ጽሑፍ ነው ማለት ነው፤ `=DATEVALUE(B2)` ብለው ይቀይሩት። እሱም እምቢ ካለ የስፕሬድሺቱ ቋንቋ ቅንብር የወሩን የእንግሊዝኛ ስም የማያነብ ስለሆነ ነው፤ ቅንብሩን ወደ `United States` ለውጠው እንደገና ይሞክሩ።

የረድፉ ብዛት። ከ500 በላይ ቪዲዮ ካለዎት ሠንጠረዡ ሁሉንም አያወርድም። የዓምድ `C` ድምር ቀድመው ከጻፉት `Total` ጋር ካልገጠመ ልዩነቱን ለነባር ቪዲዮዎች ይጨምሩ፤ ከዝርዝሩ የሚቀሩት ትንሽ የታዩት ስለሆኑ አብዛኞቹ አሮጌ ናቸው።

በማስታወቂያ ከፍለው ያመጡት እይታ ካለ እሱንም እዚህ ይቀንሱ። በ`Traffic source` ሥር `YouTube advertising` የሚለው መስመር ላይ ያገኙታል። የተገዛ እይታ በሚቀጥለው ሩብ በራሱ አይመለስም።

## ደረጃ 3፦ ነባርና አዲስ ብለው ይክፈሉ

በየገጹ `F1` ላይ ያ ሩብ የሚጀምርበትን ቀን ያስገቡና ሦስቱን ቀመሮች ይጻፉ፦

```
=SUMIFS(C:C,B:B,"<"&$F$1)
=SUMIFS(C:C,B:B,">="&$F$1)
=COUNTIFS(B:B,">="&$F$1)
```

የመጀመሪያው ሩቡ ከመጀመሩ በፊት የተለቀቁት (ነባሮቹ) ያመጡትን እይታ፣ ሁለተኛው በሩቡ ውስጥ የተለቀቁት ያመጡትን፣ ሦስተኛው የአዲሶቹን ብዛት ይሰጣል። ስፕሬድሺትዎ ነጠላ ሰረዝ ካልተቀበለ በ`;` ይተኩት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀመሮች ድምር ከጠቅላላው ጋር መግጠም አለበት። ካነሰ አንዳንድ ቀኖች ገና ጽሑፍ ናቸው፤ ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ።

የምሳሌው ቻናል እንዲህ ወጣ፦

| ሩብ | ጠቅላላ | ከነባር | ከአዲስ | የአዲስ ብዛት |
|---|---|---|---|---|
| 1 | 400,000 | – | – | – |
| 2 | 440,000 | 236,000 | 204,000 | 12 |
| 3 | 472,000 | 264,000 | 208,000 | 13 |
| 4 | 720,000 | 269,000 | 451,000 | 12 |
| 5 | 504,500 | 323,000 | 181,500 | 11 |

የጠቅላላውን ዓምድ ብቻ ለሚያይ ሰው ቻናሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ400,000 ወደ 504,500 አድጓል። በ`FORECAST.LINEAR` መስመሩን ቢቀጥለው ለሩብ 6 የሚያገኘው 654,000 ነው። ይህን ቁጥር ያስታውሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

## ደረጃ 4፦ ሁለቱን ምጣኔዎች ያውጡ

የነባር ምጣኔ። የአንድን ሩብ የነባር እይታ ለቀደመው ሩብ ጠቅላላ እይታ ያካፍሉ። የሚነግርዎት አንድ ነገር ነው፦ በዚህ ሩብ 100 እይታ ያመጡ ቪዲዮዎች፣ ምንም አዲስ ባይጨመር፣ በሚቀጥለው ስንት ያመጣሉ?

በምሳሌው ሩብ 2 ላይ 236,000 ለ400,000 ሲካፈል 0.59 ነው። ሩብ 3 ላይ 0.60፣ ሩብ 4 ላይ 0.57 ይመጣል። ሩብ 5 ላይ ግን 323,000 ለ720,000 ሲካፈል 0.45 ብቻ ይሆናል። የዚህን ምክንያት በደረጃ 5 እናያለን።

የአንድ አዲስ ቪዲዮ ድርሻ። የአዲሶቹን እይታ ለብዛታቸው ያካፍሉ። ሩብ 2 ላይ 17,000፣ ሩብ 3 ላይ 16,000፣ ሩብ 4 ላይ 37,583፣ ሩብ 5 ላይ 16,500 ይወጣል። እዚህም ሩብ 4 ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህ ድርሻ ቪዲዮው በጠቅላላ ዕድሜው የሚያመጣው ሳይሆን እስከ ሩቡ መጨረሻ ያመጣው ነው። ስለዚህ ቪዲዮዎችዎን በየሩቡ በተመሳሳይ ርቀት የሚለቁ ከሆነ ብቻ ይሠራል። አንዱን ሩብ ሁሉንም በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ከለቀቁ ድርሻው ያለአግባብ ያንሳል፤ የሚቀጥለው ሩብ የነባር ምጣኔ ደግሞ ያለአግባብ ይበዛል። ምጣኔው ከ1 በላይ ሆኖ ካገኙት መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ይህንን ነው። ካልሆነ አንድ አሮጌ ቪዲዮ እንደገና ተነሥቷል ማለት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሠንጠረዡን በእይታ ደርድረው ይዩ።

## ደረጃ 5፦ የፈነዳውን ቪዲዮ ለብቻ ያውጡ

በየሩቡ ከጠቅላላው እይታ ከ20 በመቶ በላይ ያመጣ አንድ ቪዲዮ ካለ ለይተው ያስቀምጡት። 20 የተቀደሰ ቁጥር አይደለም፤ ትንሽ ቻናል ላይ 25ም ያስኬዳል። ዋናው አንድ ቪዲዮ የመላውን ሩብ አማካይ መጎተት መቻሉ ነው።

በምሳሌው ሩብ 4 ላይ አንድ ቪዲዮ ብቻውን 260,000 አምጥቷል። እሱ ሲወጣ የቀሩት 11 ቪዲዮዎች 191,000 ስላላቸው ድርሻቸው 17,364 ይሆናል። ቻናሉ አልተለወጠም ነበር ማለት ነው፤ አንድ ቪዲዮ ፈነዳ እንጂ።

ሩብ 5ንም በዚሁ መንገድ ያስተካክሉ። የፈነዳው ቪዲዮ በሩብ 5 ያመጣው 52,000 ነው፤ ከ260,000ው 20 በመቶ መሆኑ ነው። እሱ ሲወጣ የሌሎቹ ነባሮች እይታ 271,000 ሲሆን፣ የሚካፈልበትም ከ720,000 ላይ 260,000 ተቀንሶ 460,000 ይሆናል። ውጤቱ 0.59 ነው። ነባሮቹ እንደ ወትሮው ናቸው። 0.45 የታየው የፈነዳ ቪዲዮ ከሌሎቹ እጅግ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ነው።

በዚህ ደረጃ ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል። አንዱ የፈነዳውን ቪዲዮ ውስጥ አስቀርቶ የአዲስ ቪዲዮ ድርሻን በአማካይ 22,000 አካባቢ ማድረግ ነው። ሌላው ደግሞ ቪዲዮውን ከአዲሶቹ አውጥቶ ከሚቀጥለው ሩብ ነባሮች ማውጣትን መርሳት ነው። ከአንዱ ካወጡት ከሁለቱም ያውጡት።

## ደረጃ 6፦ ትንበያውን ይሥሩ

ሦስት ቁጥር አስልተው ይደምራሉ።

ሀ. ከነባሮቹ። የሩብ 5 ጠቅላላ 504,500 ነው። የፈነዳውን 52,000 ሲቀንሱ 452,500 ይቀራል። የነባር ምጣኔዎቹ 0.59፣ 0.60፣ 0.57 እና 0.59 ናቸው። አማካይ ሳይሆን በመጠን ተደርድረው መሐል ላይ የሚገኘውን ይውሰዱ (`=MEDIAN`)፤ አንድ ያልተለመደ ሩብ ቢኖር አይጎትተውም። 452,500 በ0.59 ሲባዛ 267,000 ያህል ነው።

ለ. ከፈነዳው ቪዲዮ። እዚህ ላይ የሩቡን ምጣኔ አይጠቀሙ፤ አንድ ቪዲዮ ስለሆነ የራሱን ጉዞ ይከተሉ። በ`Advanced mode` ውስጥ ቪዲዮውን ነክተው የጊዜ ክፍልፋዩን `Weekly` ያድርጉና የመጨረሻዎቹን አራት ሙሉ ሳምንታት ይዩ። በምሳሌው 1,800፣ 1,700፣ 1,600፣ 1,500 ናቸው፤ በሳምንት 6 በመቶ ገደማ እየቀነሰ ነው። የመጨረሻውን ሳምንት በ0.94 እያባዙ 13 ጊዜ ይቀጥሉና ይደምሩ፤ 13,000 ያህል ይመጣል። በስፕሬድሺት በአንድ መስመር ይሠራል፦

```
=1500*0.94*(1-0.94^13)/(1-0.94)
```

ሐ. ከአዲሶቹ። የአዲስ ቪዲዮ ድርሻዎቹ 17,000፣ 16,000፣ 17,364 እና 16,500 ናቸው፤ መሐለኛው 16,750 ነው። በሩብ 6 የሚለቁት 12 ከሆነ 201,000 ይሆናል። የሚያባዙት በእርግጥ በሚለቁት ብዛት እንጂ በሚመኙት አይደለም። ባለፉት አራት ሩቦች ከ11 እስከ 13 የለቀቀ ቻናል 20 ብሎ ከጻፈ የቀረው ስሌት ሁሉ ከንቱ ነው።

ሲደመር 267,000፣ 13,000 እና 201,000 በድምሩ 481,000 ይሆናል። ከሩብ 5 በ5 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው። የመስመሩ ትንበያ ግን 654,000፣ ማለትም የ30 በመቶ እድገት ነበር። መረጃው አንድ ነው፤ የተለያየው የተጠየቀበት መንገድ ነው።

### የቻናሉን ጣሪያ ይዩ

ከዚሁ ቁጥር አንድ ተጨማሪ ነገር ይወጣል፤ ብዙ ሰው ስለማያሰላው ነው የሚደነቀው። በየሩቡ አዲስ ቪዲዮዎች 201,000 ቢያመጡና ከጠቅላላው 59 በመቶው ወደሚቀጥለው ቢሻገር፣ ድምሩ ያለ ገደብ አያድግም። የሚያቆምበት ቦታ አለው፦

```
=201000/(1-0.59)
```

መልሱ 490,000 ገደማ ነው። ቻናሉ ከሩብ 1 እስከ ሩብ 3 ያደገው ወደዚህ ጣሪያ እየተጠጋ ስለነበረ ነው፤ እድገቱም በየጊዜው እያነሰ ነበር (መጀመሪያ 40,000፣ ቀጥሎ 32,000)። አሁን ጣሪያው ሥር ደርሷል። ከሦስቱ አንዱ፣ የሚለቁት ብዛት ወይም የአንዱ ድርሻ ወይም የነባር ምጣኔ፣ ካልተለወጠ በስተቀር እድገት ብሎ ነገር በትንበያው ውስጥ ሊኖር አይችልም። «እድገቱ ለምን ቆመ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ ይኸው ነው።

## ደረጃ 7፦ ትንበያውን ባለፈው ጊዜ ላይ ይፈትኑት

481,000 ብቻውን የቆመ ቁጥር ነው። ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚያውቁት ያለፉትን ሩቦች እንዳላዩ ሆነው ሲተነብዩ ነው።

ደንቡ ጥብቅ ነው፦ ሩብ 5ን ሲተነብዩ እስከ ሩብ 4 መጨረሻ የነበረውን ብቻ ይጠቀሙ። የሩብ 5 ምጣኔ እንኳን መግባት የለበትም። የአዲሶቹም ብዛት በኋላ የለቀቁት ሳይሆን በዚያን ጊዜ ያቀዱት ይሁን።

በምሳሌው ቻናሉ ሁልጊዜ 12 ያቅድ ነበር እንበል።

- ሩብ 3፦ 440,000 በ0.59 ሲባዛ፣ 12 በ17,000 ሲባዛ፤ በድምሩ 463,600። እውነተኛው 472,000 ነበር። 2 በመቶ ያህል አነሰ።
- ሩብ 4፦ 472,000 በ0.595 ሲባዛ፣ 12 በ16,500 ሲባዛ፤ በድምሩ 479,000 ገደማ። እውነተኛው 720,000 ነበር። በ33 በመቶ አነሰ። የፈነዳው ቪዲዮ ሳይቆጠር ግን እውነተኛው 460,000 ስለሆነ 4 በመቶ በለጠ።
- ሩብ 5፦ ነባሮቹ 460,000 በ0.59፣ አዲሶቹ 12 በ17,000፣ ለፈነዳው ቪዲዮ በሳምንታዊ ጉዞው የተገመተው 45,000፤ በድምሩ 520,400። እውነተኛው 504,500 ነበር። 3 በመቶ በለጠ።

ምንም ባልፈነዳበት ጊዜ ትልቁ ስህተት 4 በመቶ ነው። ሦስት ሙከራ ጥቂት ስለሆነ ይህን እጥፍ አድርገው 8 በመቶ ይውሰዱ። የ481,000 8 በመቶ 38,500 ያህል ነው። ስለዚህ ትንበያው «ከ442,500 እስከ 519,500፣ መሐሉ 481,000፣ ምንም ቪዲዮ ካልፈነዳ» ተብሎ ይጻፋል። የመጨረሻዋን ሐረግ አይጣሏት።

የሚፈነዳ ቪዲዮን በመሐለኛው ቁጥር ውስጥ አያስገቡ። ባለፉት አራት ሩቦች ከ48 ቪዲዮዎች የፈነዳው አንድ ነው። ከአንድ ክስተት ተነሥቶ «በየአራት ሩቡ አንድ ይፈነዳል» ማለት አይቻልም፤ በሚቀጥሉት ስምንት ሩቦች አንድም ላይመጣ፣ በሚቀጥለው ብቻ ሁለት ሊመጣ ይችላል። ለብቻው አንድ መስመር ይጻፉለት፦ «ቢፈነዳ እስከ 260,000 ሊጨምር ይችላል፤ በጀት ግን አይያዝበትም።»

## ትንበያው የማይታመንባቸው ሁኔታዎች

ከዚህ በታች ካሉት አንዱ እንኳን ከገጠመዎት ቁጥሩን ለስፖንሰር ወይም ለአለቃ አያቅርቡ፤ ወይም ወሰኑን በግልጽ ያስፉት።

የፈተናው ስህተት ትልቅ ነው። የፈነዳ ቪዲዮ ተቀንሶ እንኳን በደረጃ 7 ከ20 በመቶ በላይ የሚስት ከሆነ ቻናሉ በዚህ መንገድ አይተነበይም። ቀመሩን በማወሳሰብ አይድንም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የነባር ምጣኔው ከሩብ ሩብ መዋዠቁ ነው፤ በዜና ላይ የሚሠሩ ቻናሎች ላይ ይህ የተለመደ ነው።

እይታው የሚመጣበት በር ተቀይሯል። በ`Traffic source` ሥር `Browse features`፣ `Suggested videos`፣ `YouTube search` እና `External` ከጠቅላላው ስንት ስንት በመቶ እንደያዙ ለየሩቡ ይጻፉ። በመጨረሻው ሩብ አንዱ ከ10 ነጥብ በላይ ከተለወጠ ያለፈው ምጣኔ የሌላ ቻናል ያህል ነው። ከፍለጋ የሚመጣ እይታ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ ምክንያቱም ሰው ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ይፈልጋል፤ ከመነሻ ገጽ የሚመጣው ግን ምክሩ ሲቆም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ከፍለጋ ወደ መነሻ ገጽ የዞረ ቻናል ጠቅላላው ቢያድግም የነባር ምጣኔው በሚቀጥለው ሩብ ሊወርድ እንደሚችል ይጠብቁ።

አቆጣጠሩ ተለውጧል። ዩቲዩብ ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ የሾርትስን እይታ የሚቆጥረው ቪዲዮው መጫወት በጀመረ ወይም በተደገመ ቁጥር ነው፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደታየ አይጠይቅም። የቀድሞው አቆጣጠር `Engaged views` በሚል ስም ቀርቷል። ስለዚህ ያንን ቀን የሚያቋርጥ የሾርትስ መረጃ በ`Views` ሲታይ ያልነበረ እድገት ያሳያል። እንዲህ ያለ ሩብ ካለዎት በሁሉም ሩቦች ላይ `Engaged views`ን ይጠቀሙ፣ ወይም ከዚያ ቀን በኋላ ያለውን ብቻ ይውሰዱ። ረጅም ቪዲዮን ይህ አይነካውም።

ርዕሱ ወቅት አለው። የፈተና ዝግጅት፣ የስፖርት ውድድር፣ የአየር ጠባይ የመሳሰሉ ርዕሶች በተወሰኑ ወራት ይታያሉ። አምስት ሩብ ማለት አንድ ዓመት ከአንድ ሩብ ነው፤ ተመሳሳይ ወቅት ሁለቴ የሚታየው ለአንዱ ሩብ ብቻ ነው። ከአንድ ድግግሞሽ ወቅትን መለየት አይቻልም። ዘጠኝ ሩብ ካለዎት በዚያው ወቅት የነበሩትን ሁለት የነባር ምጣኔዎች ከሌሎቹ ጋር ያወዳድሩ፤ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ከራቁ መሐለኛውን ትተው የእነሱን አማካይ ይውሰዱ። አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ከሆነ ወቅት ሳይሆን አጋጣሚ ነው።

ዕቅድዎ ካለፈው ጋር አይመሳሰልም። 12 የለቀቀ ቻናል 24 ሲለቅ የአንዱ ድርሻ ያው 16,750 ይሆናል ብሎ መያዝ አደገኛ ነው። ተመልካቹ አንድ ስለሆነ ቪዲዮዎቹ እርስ በርስ ይሻማሉ፤ ሥራውም ሊሳሳ ይችላል። ምን ያህል እንደሚወርድ ያለፈ መረጃዎ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ሩብ አልነበረውምና። ለተጨመሩት ቪዲዮዎች ግማሽ ድርሻ ይዘው ይጻፉና ግምት መሆኑን ይግለጹ። ርዕስ ወይም ቋንቋ ሲቀየርም ነገሩ ያው ነው፤ የአዲሶቹን ክፍል ባዶ ትተው የነባሮቹን ብቻ መተንበይ የተሻለ ሐቀኝነት ነው።

አዲሶቹ ጥቂት ናቸው። በሩብ ሦስት ወይም አራት ቪዲዮ ብቻ የሚለቁ ከሆነ የአንዱ መሳካት ወይም መውደቅ ድርሻውን ይገለብጠዋል። እዚህ ላይ ወሰኑን ከፈተናው ስህተት ሳይሆን ከራሳቸው ከቪዲዮዎቹ ይውሰዱ፤ ያለፉትን ሁሉ በእይታ ደርድረው ከታች አንድ አራተኛው ላይ ያለውን ለዝቅተኛው፣ ከላይ አንድ አራተኛው ላይ ያለውን ለከፍተኛው ይያዙ።

## በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ያስተካክሉ

ትንበያው የጸና ወይም የፈረሰ መሆኑን ለማወቅ 13 ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግም። በነባሮቹ በኩል በ28 ቀን ይታወቃል።

1. ባለፉት ሩቦች ነባሮቹ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ያመጡትን እይታ ለመላው ሩብ የነባር እይታ ያካፍሉ። እየቀዘቀዙ ስለሚሄዱ ውጤቱ ከ4/13 (31 በመቶ) በላይ መሆን አለበት። በምሳሌው መሐለኛው 36 በመቶ ነው እንበል።
2. ከ267,000 36 በመቶው 96,000 ገደማ ነው። በ28ኛው ቀን መታየት ያለበት ይኸ ነው።
3. እውነተኛው 82,000 ሆኖ ከተገኘ ለ0.36 ያካፍሉት፤ 228,000 ያህል ይመጣል። በ267,000 ምትክ ይህን ያስገቡ፤ አዲሱ ትንበያ 442,000 ይሆናል፣ ከዝቅተኛው ወሰንም ትንሽ ወርዷል።

ልዩነቱ ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ አስተካክለው አይለፉ፤ የትኛው በር እንደቀነሰ በ`Traffic source` ይዩ። ቅናሹ በሁሉም በሮች እኩል ከሆነ ርዕሱ ራሱ እየቀዘቀዘ ሊሆን ስለሚችል የአዲሶቹንም ድርሻ ይቀንሱ። በአንድ በር ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ትልልቅ ነባር ቪዲዮዎች ምክር ማግኘት አቁመው ነው፤ ያኔ የአዲሶቹን ድርሻ አይንኩ። አዲሶቹን በአራተኛው ሳምንት መመዘን ግን ገና ነው፤ በዚህ ጊዜ የተለቀቁት ሦስት ወይም አራት ብቻ ናቸው፣ የመጨረሻውም ጥቂት ቀን ብቻ ነው የቆየው። እነሱን በስምንተኛው ሳምንት ይመልከቷቸው።